ምክንያት የሌለው ማመልከቻ

አባቴ አዳማ ውስጥ ከአንድ መሥሪያ ቤት አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግተው የሚቀመጡ ራፖር ጸሐፊ ናቸው። እኔና እህቶቼ ያደግነው በሰው አቤቱታ ነው። መሬቱ የተወሰደበት፣ ጡረታዋ የዘገየባት፣ ልጁ ከትምህርት ቤት የተባረረበት ሁሉ መጥቶ ከፊታቸው ካለችው ዱካ ላይ ቁጭ ይላል። አባቴ መነጽራቸውን ወልውለው የሚጠይቁት የመጀመሪያ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ ምክንያትህ ምንድን ነው?

አንዳንዱ ሞኝ፣ መብቴ ስለሆነ ነው ይላል። አባቴ ይስቃሉ። መብት መሆኑን ወንበሩ ላይ የተቀመጠውም ሰውዬ ያውቀዋል፣ የሚፈርመው ግን ሲያዝን ነው ይላሉ። ስለዚህ ባለጉዳዩ የታመመች እናት፣ የሚያሳድጋቸው ወንድሞች፣ የፈረሰ ጎጆ እስኪገኝለት ድረስ ይጠየቃል። ካልተገኘም ይፈለግለታል። ልጅ ካላለቀሰ ጡት አይሰጠውም የሚለው ተረት ለአባቴ ተረት አልነበረም፤ እንጀራቸው ነበር። እኔም ከትምህርት ቤት መልስ ከጎናቸው እየተቀመጥኩ «ከታላቅ ትሕትና ጋር» የሚለውን ሐረግ ከአቡነ ዘበሰማያት እኩል ተማርኩት።

ይህ ልጅ አድጎ መርከበኛ ሆነ። ባሕር በሌላት አገር መርከበኛ መሆን ለሠፈራችን ሰው የማያልቅ ቀልድ ነው። በየፈቃዴ አዳማ ስመለስ የምሠራው ላንጋኖ ላይ ይሁን ዝዋይ ላይ የማይጠይቀኝ የለም። አንድ ጎረቤታችን እንዲያውም ዓሣ ይዤላቸው እንዳልመጣሁ ሁሌ ቅር ይላቸዋል። እኔ ግን ዓሣ አይቼም አላውቅ። የመርከብ መሐንዲስ የሚያየው ቧንቧ ነው። ባሕሩ ከብረቱ ማዶ አለ ይባላል፤ እኛ የምናውቀው ሙቀቱን፣ ጩኸቱንና የዘይቱን ሽታ ነው።

የምናገረው ሦስተኛ መሐንዲስ ሆኜ በአንድ አሮጌ የእህል መርከብ ላይ ስለሠራሁበት ጊዜ ነው። ውሌ የዘጠኝ ወር ነበር፤ ለኩባንያው እንደሚመች አንድ ወር ሊቀነስ ወይም ሊጨመር ይችላል ይላል። ሰርጌ የተቆረጠው ይህን ሁሉ አስልተን ነው። አንድ ጊዜ ቀደም ብሎ በእኔው ሥራ ምክንያት ተላልፏል። የሙሽራዬ አጎት፣ አርሲ ነገሌ እህል የሚነግዱ ቆፍጣና ሰው፣ ሁለተኛውን ቀን የፈቀዱት እያንገራገሩ ነበር። ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ካልሆነ ሦስተኛ ቀን እኔን አትጠይቁኝ ብለው ለሽማግሌዎቹ ነገሩ። ሰውዬው አንዴ ከተናገሩ አይመለሱም። እኔም ይህንን ይዤ ነው መርከብ ላይ የወጣሁት፤ በጊዜው ካልወረድኩ ሚስት የለኝም።

መጀመሪያ ላይ ሥራው እንደ ማንኛውም መርከብ ነበር። ሦስት መሐንዲሶች ሞተሩን በፈረቃ እንጠብቃለን፣ አራት ሰዓት ሠርተን ስምንት ሰዓት እናርፋለን። ከዚያ አራተኛው መሐንዲስ በኩላሊት ሕመም ተይዞ ወደብ ላይ ወረደ። ተተኪው በሚቀጥለው ወደብ ይመጣል ተባለ። የሚቀጥለው ወደብ ላይም በሚቀጥለው ተባለ። እኔና ሁለተኛው መሐንዲስ ለሁለት ተካፈልነው፤ ስድስት ሰዓት እሱ፣ ስድስት ሰዓት እኔ።

ሲሰሙት አይከብድም። በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት ዕረፍት እኮ ነው። የባሕር ሠራተኞች ዓለም አቀፍ ስምምነት የሚጠይቀው በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ቢያንስ ዐሥር፣ በሳምንት ደግሞ ሰባ ሰባት ሰዓት ነው። ግን ስምምነቱን የጻፉት ሰዎች መርከበኛን ያውቁታል። ዕረፍቱ ከሁለት ቦታ በላይ አይቆራረጥ፣ ከሁለቱ አንዱ ቢያንስ ስድስት ሰዓት ይሙላ ብለዋል። ስድስት በስድስት በሆነ ፈረቃ ውስጥ አንዲት የዘይት ማጣሪያ ከተደፈነች፣ ወደብ መግቢያ ላይ ሁላችሁም ውረዱ ከተባለ፣ ነዳጅ የሚቀዳበት ቀን ከደረሰ፣ ፈረቃ ስታስረክብ እንኳ ትንሽ ከዘገየህ፣ ስድስቱ ሰዓት ፈርሷል። የአንዱ ቀን ፍርስራሽ ላይ የሌላው ቀን ይከመርበታል። ከሁለት ወር በኋላ እኔ ሰው አልነበርኩም። ምግብ እያኘክሁ መብላቴን እረሳለሁ። አንድ ቀን ቫልቭ ልዘጋ ሄጄ እጄን ቫልቩ ላይ አድርጌ ቆሜ አንቀላፍቼ፣ የቀሰቀሰኝ የገዛ ግንባሬ ከቧንቧው ጋር ሲጋጭ ነው።

የዕረፍት ሰዓታችንን የምንመዘግበው ኮምፒውተር ላይ ነው። እውነተኛውን ሰዓት ስታስገባ ሣጥኑ ቀይ ይሆናል። ቀይ ከበዛ ኩባንያው ካፒቴኑን ይጨቀጭቀዋል፣ ካፒቴኑ ዋናውን መሐንዲስ ይጠራል፣ ዋናው መሐንዲስም ትከሻህን መታ አድርጎ እስኪ አረንጓዴ አድርገው ይልሃል። መርከቡ ላይ የሚያፍርበት ሰው አልነበረም። ሰላምታ የመለዋወጥ ያህል የተለመደ ነገር ነው። ወሩ ሲያልቅ ታትሞ ይመጣል፣ እኔ እፈርማለሁ፣ ካፒቴኑ ይፈርማል፣ አንድ ቅጂ ለእኔ ይሰጠኛል። በዚያ ወረቀት መሠረት በሕይወቴ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም።

ዘጠኙም ወር አለፈ፣ የተጨመረውም ወር አለፈ። አንድ ቀን ጭነታችን ታወቀ፤ ስንዴ ነው፣ የሚራገፈውም ጅቡቲ። ወደ እኛ አገር የሚገባ ስንዴ። ደስታዬን ምን ልበላችሁ፣ ዋናውን መሐንዲስ አቅፌ ሳምኩት። ጅቡቲ ማለት እኮ ለእኔ ደጃፌ ነው። የጭነት መኪናው ወደ ሞጆ ሲሄድ በአዳማ በኩል ነው የሚያልፈው። ከዚህ የተሻለ መውረጃ የት ይገኛል?

ወደ ካፒቴኑ ሄድኩ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የደከመው ሰው ነው። ቢሮውም አልጋው አጠገብ ስለሆነ እንቅልፍና ሥራው ተደባልቀውበታል። ኩባንያው በጽሑፍ ማመልከቻ ይፈልጋል፣ ምክንያትህን ግለጽና ጻፍ አለኝ።

ምክንያት! ይህን ቃል እንደሰማሁ የአባቴ ልጅ ሆንኩ። መርከበኞች ትምህርት ቤት የተማርኩትን አልረሳሁም። ውል ሲያልቅ ሠራተኛውን ወደ አገሩ የሚመልሰው በራሱ ወጪ የመርከቡ ባለቤት ነው፣ ማንም ሰው ዓመት እስኪሞላው ባሕር ላይ አይቆይም። ፈተናውን ጥሩ ውጤት አምጥቼበታለሁ። ግን ፈተና ላይ ስትመልስ ማንም ፊት አልቆምክም። አሁን ሰው ፊት ልቆም ነው፣ ሰው ፊት ደግሞ ባዶ እጅ አይቆምም። ተቀምጬ በእንግሊዝኛ የአባቴን ማመልከቻ ጻፍኩት። ከታላቅ ትሕትና ጋር ጀመርኩ። በቤተሰብ ችግር ምክንያት አልኩ። የሰርጌን መተላለፍ፣ የአጎትየውን ቁጣ፣ የእናቴን ጭንቀት በየተራ ደረደርኩ። የተከበረው ኩባንያ ሁኔታዬን በአዘኔታ ተመልክቶ ከሥራ እንዲያሰናብተኝ ለመንኩ። ካነበብኩት በኋላ አባቴ ቢያዩት እንዴት ይኮሩ ነበር ብዬ አሰብኩ። ውሌ ማለቁን የጻፍኩት ግን አንድም ቦታ የለም። እነሱ ያውቁት የለ!

መልሱ የመጣው ጅቡቲ ወደብ ከተጠጋን በኋላ ነው። ጥያቄዬን በአዘኔታ ተመልክተውታል። በቤተሰብ ችግር ምክንያት በራሴ ፈቃድ ሥራ መልቀቅ ስለፈለግሁ ተቀብለውታል፤ ስለዚህም የእኔም የተተኪዬም የአውሮፕላን ወጪ ከደመወዜ ይቆረጣል። ተተኪ ለጊዜው ስላልተገኘ እስከሚቀጥለው ወደብ በትዕግሥት እንድጠብቅም ይጠይቁኛል።

ካፒቴኑ አንብቦ ሰጠኝና መስኮቱን ማየት ጀመረ።

በዚያ ቀን ፈረቃዬ ሲያልቅ መሰላሉን ወርጄ መሬት ላይ ቆምኩ። ስንዴው ከመርከቡ ሆድ ወጥቶ በከረጢት እየታሸገ መኪና ላይ ይጫናል። የኢትዮጵያ ታርጋ ያላቸው መኪኖች ተሰልፈዋል። ከአንዱ ሾፌር ጋር በኦሮምኛ አካም አካም ተባባልን፤ የአዳማ ልጅ ሆኖ ተገኘ፣ ቤቱም ከኛ ቤት ብዙ አይርቅም። ከነገ ወዲያ አዳማ እገባለሁ አለኝ። ታሪኬን ነገርኩት። ከስንዴው ጋር ልጫንህ እንዴ ብሎ ሳቀና የእኔን ፊት ሲያይ ሳቁን ተወው። ለቤተሰብ የምትልከው ነገር ካለ ስጠኝ አለኝ። ምንም አልነበረኝም። ባይሆን ስንዴው የእኔ ነው በላቸው አልኩት። መኪናው ጭኖ ሲሄድ ቆሜ አየሁት፣ አለቀስኩም። ድካም ሰውን እንባ ያቀልልበታል። ያመጣሁት ስንዴ አገሬ ሊገባ ነው፣ እኔ ግን ወደ መርከቡ ልመለስ ነው።

እጮኛዬን የደወልኩላት እዚያው የመኪኖቹ ጥላ ሥር ሆኜ ነው። ሞጆ ደረቅ ወደብ አካባቢ ባለ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። ነገሯ ሁሉ አጭርና ቀጥ ያለ ነው፤ ሥራዋ ሳይሆን አይቀርም፣ አጎቷንም ትመስላለች። ደብዳቤዬንም መልሱንም አነበብኩላት። ሰማችኝና፣

«ውልህ አላለቀም እንዴ?» አለችኝ።

«አልቋል።»

«ታዲያ እኔ የቤተሰብ ችግር የሆንኩት ከመቼ ጀምሮ ነው?»

የኩባንያውን ሰዎች ልቦና ለማራራት ብዬ ነው አልኳት። እሷ ግን ተናዳ ነበር፣ ድምፅዋ ሲቀዘቅዝ ይታወቀኛል። ለማያውቁኝ ሰዎች እኔን ለቅሶ አድርገህ አቀረብከኝ፣ ሰርጋችንን እንደ ለቅሶ ቤት ነገር አድርገህ ጻፍከው አለችኝ። ከሷ የተነሣ ሳይሆን ከውሉ የተነሣ መምጣት እንዳለብኝ፣ ባላገባትም፣ ማንንም ባላገባም፣ ቤቴ ገብቼ መተኛት ብቻ ብፈልግም መመለስ እንደሚገባኝ ነገረችኝ። ለአጎቷ ምን እንደምትል እሷ ታውቃለች። እኔ ግን ሁለተኛ ምክንያት እንዳላደርጋት ነግራኝ ዘጋችው።

ከጅቡቲ ወጣን። ያኔ ነገሩን በደንቡ ጀመርኩት። ውል ስንፈርም አብሮ የሚሰጠን መርከብ ላይ ቅሬታ የሚቀርብበት ሥርዓት አለ። መጀመሪያ ለዋናው መሐንዲስ፣ ከዚያ ለካፒቴኑ አቀረብኩ። የመጀመሪያውን ደብዳቤ አንስቻለሁ፣ ውሌ ስላለቀ ኩባንያው በራሱ ወጪ ይመልሰኝ አልኩ። ካፒቴኑ ወደ ኩባንያው ላከው። ኩባንያው የፊተኛው ደብዳቤዬ እጁ ላይ ስላለ ከዚያ ወዲያ አልነቃነቅ አለ። ካፒቴኑም፣ እኔ እዚህ ሰውን የማወርድበት ሥልጣን ቢኖረኝ መጀመሪያ ራሴን አወርድ ነበር አለኝ። አልቀለደም።

የያዘኝ ሌላም ነገር ነበር። እኔ ከወረድኩ ሁለተኛው መሐንዲስ ብቻውን ሊቀር ነው። አብረን ስድስት በስድስት እየተቀባበልን እንደ ወንድማማች ሆነናል፤ ግን የምንተያየው ፈረቃ ስንቀባበል ብቻ ነው፤ አንዳችን ሁልጊዜ ሥራ ላይ ነን። ይሉኝታ የሚባለው ነገራችን ለዚህ የሌላ አገር ሰው እንዴት እንደሚተረጎም አላውቅም። እንደምንም ብዬ፣ አንተን ጥዬህ መሄዱ ከበደኝ አልኩት። እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣

«አንተ እስካለህ ድረስ ለእኔም ሰው አይልኩልኝም። ሁለት ሰው እየበቃቸው ነው» አለኝ።

እውነቱን ነበር። የሚቀጥለው ወደብ ስንጠጋ ለወደቡ ተቆጣጣሪዎች ጻፍኩ። ማንኛውም መርከብ የገባበት ወደብ አገር ስምምነቱን ከተቀበለ ሠራተኛው እዚያ አቤት ማለት ይችላል፣ ስሙም ለካፒቴኑና ለኩባንያው አይነገርም። በእኛ መርከብ ማን እንደጻፈ ለማወቅ ነቢይ መሆን ባያስፈልግም። ያንን ደብዳቤ ለመጻፍ የፈጀብኝን ጊዜ አልናገርም። ሦስት መስመር ነው። ውሌ የሚያልቅበት ቀን ይህ ነበር፣ እስካሁን መርከብ ላይ ነኝ፣ ወደ አገሬ መመለስ እፈልጋለሁ። እጄ ግን አልታዘዝ አለኝ። «ከታላቅ ትሕትና ጋር» ልጽፍ ይቃጣኛል፣ እደልዛለሁ። እናቴን ልጨምር እላለሁ፣ እደልዛለሁ። ልብሱን አውልቆ ገበያ የቆመ ሰው ስሜት ነበር የተሰማኝ።

የመጣችው ተቆጣጣሪ ፀጉሯ የሸበተ፣ ጫማዋ ከኔ ጫማ የባሰ ዘይት የጠጣ ሴት ነበረች። በመርከቡ ስትዘዋወር ቆየችና እኛን አንድ በአንድ ለብቻችን አነጋገረችን። የእኔ ተራ ሲደርስ የዕረፍት ሰዓት መዝገቤን ከፊቷ ዘርግታዋለች፤ አረንጓዴ በአረንጓዴ ነው፣ የአርሲ ማሳ ይመስላል። ከጎኑ ነዳጅ የተቀዳበት ቀን ሰነድ አለ፣ ፊርማዬ ያለበት። አንደኛው ወረቀት በዚያ ሰዓት ተኝቼ ነበር ይላል፣ ሁለተኛው የነዳጅ ቱቦ አጠገብ ቆሜ ነበር ይላል። የትኛው ነህ አለችኝ። የቱቦው ነኝ አልኳት። አልተቆጣችም። ይህንን ስታይ ስንት ዓመቷ እንደሆነ እንጃ፣ የሰለቻት ትመስላለች።

ከዚያ ስለ ውሌ አነሳች። አላስችል አለኝ፣ ስለ ሰርጌ ጀመርኩ። አንድ ጊዜ መተላለፉን፣ ጾም ሊገባ መሆኑን፣ አጎትየውን። እጇን ከጠረጴዛው ላይ ብድግ አድርጋ አስቆመችኝ።

«መልካም ጋብቻ ይሁንልህ። ግን አልጠየቅሁህም። ውልህ አልቋል፤ እኔ የማየው እሱን ነው።»

ሰው ሲያዝንልኝ እንጂ ሳያዝንልኝ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ተቆጣጣሪዋ ውሉ ያለቀ ሠራተኛ ነገር ሳይስተካከል መርከቡ እንዳይወጣ አዘዘች። አንድ መርከብ ሊኖረው የሚገባ አነስተኛ የሠራተኛ ቁጥር አለ፣ እኛም ከዚያ በታች እንደሆንን አወቀች። ስለዚህ ለእኔም ተተኪ፣ ለታመመውም አራተኛ መሐንዲስ ተተኪ ይመጣል፤ ወጪውም በመርከቡ ባለቤት ነው። የፊተኛው ደብዳቤዬስ ብዬ ጠየቅሁ። ያለቀ ውል አይለቀቅም አለች። መብቱን ለምኖ የጠየቀ ሰው መብቱን አልሸጠም፣ ኩባንያውም ሸጦልኛል ማለት አይችልም።

ተተኪ ማግኘት ግን ቀን ይፈጃል፣ ቪዛም ቀን ይፈጃል። ሰርጌ ሊውል የነበረው ቀን መርከቡ ወደብ ላይ ታስሮ ዋለ። እኔ በዚያ ቀን ለመጣልኝ ተተኪ የአንዲትን አስቸጋሪ ፓምፕ ጠባይ ሳስረዳ ዋልኩ። ስትጀምር ትንሽ ትንቀጠቀጣለች፣ አትደንግጥ፣ ከዚያ ትረጋለች እለዋለሁ። ሰውዬው ማስታወሻ ይይዛል። አሁን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንሆን ነበር ብዬ አሰብኩና ቀጠልኩ።

ሁለተኛው መሐንዲስ መሰላሉ ድረስ ሸኘኝ። በቀን ብርሃን ፊቱን በደንብ ያየሁት ያኔ ነው።

አዳማ የገባሁት ጾሙ ከገባ በኋላ ነው። ከቦሌ በፍጥነት መንገዱ ስንመጣ እህቶቼ ሲያወሩ እኔ ተኝቻለሁ፣ ቤት ደርሰንም ጫማዬን ያወለቁልኝ እነሱ ናቸው። ስነቃ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። የእድር ሰዎች ናቸው። ብርቱካን የያዘ አለ፣ ሙዝ የያዘ አለ፣ ጸበል በጠርሙስ ያመጡልኝ አንዲት አሮጊትም አሉ። ሁሉም ድምፁን ዝቅ አድርጎ እግዜር ይማርህ ይለኛል። እኔም ግራ እየገባኝ ያኑርልኝ እላለሁ።

ነገሩ በኋላ ነው የገባኝ። አባቴ የሰርጉን ቀን ለማስተላለፍ ለቤተ ክርስቲያኑም ለአዳራሹም ማመልከቻ ጽፈዋል። ማመልከቻ ደግሞ ምክንያት ይፈልጋል። ሙሽራው በባሕር ላይ እያለ በጠና ስለታመመ ብለው አስቀምጠውታል፣ እርግጠኛ ነኝ አሳምረው ነው የጻፉት። ወሬው ከሰበካ ጉባኤው ወጥቶ ሠፈሩን አዳርሷል። ጸበል ያመጡት አሮጊት ፊቴን በእጃቸው ይዘው ዓይኔን ተመለከቱና፣ ውይ ልጄን፣ እንዴት አድርጎ ነው የጨረሰህ፣ ምኑን ነው ያመመህ አሉኝ። ምን እንደምል ስፈልግ እጮኛዬ ከበሩ በኩል፣

«እንቅልፍ ነው፣ እማማ። እንቅልፍ ከልክለውት ነው» አለች።

መምጣቷን አላየሁም ነበር። አሮጊቷ ይህ ሕመም እንዴት ያለ እንደሆነ ባይገባቸውም ጸበሉን ረጩብኝ።

ሰዎቹ ሲሄዱ ከአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ስለ አጎቷ ልጠይቃት ፈራሁ፣ እሷም ቸኩላ አልነገረችኝም። ብርቱካን ልጣ ሰጠችኝ። ከዚያ አርሲ ነገሌ ድረስ መሄዷን ነገረችኝ። አጎቷ የእህል መጋዘናቸው በር ላይ ተቀምጠው፣ ይኸው ለሁለተኛ ጊዜ ዘገየ፣ ሦስተኛ ቀን የለም ብለዋታል። አልዘገየም፣ አቆይተውት ነው አለቻቸው። ይህ ሁለት ነገር ነው ብላ ተከራከረቻቸው፤ ዕቃ ሳይዘገይ ወደብ ላይ የሚያዝበትን ነገር እሳቸውም ነጋዴ ናቸውና ያውቁታል። እያንገራገሩ እሺ አሉ። ከዚያ፣ ታዲያ ልጁ አሞታል የሚሉት ለምንድን ነው ብለው ጠየቋት። ያ ነው ያበሳጫት።

«አባትህን ንገራቸው» አለችኝ። «ለቤተ ክርስቲያኑ አዲስ ማመልከቻ ይጻፉ፤ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ቀን እንዲሰጡን። ምክንያት ግን እንዳይጽፉበት።»

አባቴ ከሥራ ሲመለሱ ጃንጥላቸውን በሩ ጥግ አቁመው አጠገቤ ተቀመጡ። መርከቡ ላይ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፣ መጀመሪያ የጻፍኩትን ደብዳቤም ጭምር። ያንን ሲሰሙ ዓይናቸው በራ፤ አዘኔታ የሚለውን ቃል የት ላይ እንዳስገባሁት ጠየቁኝ። ከዚያ መልሱን ነገርኳቸው፣ ከዚያ ሦስቱን መስመር። በሦስት መስመር ማለቁን አላመኑም። ተቆጣጣሪዋን ምን ብለህ አሳዘንካት አሉኝ። አላሳዘንኳትም አልኳቸው። እጃቸውን ግንባሬ ላይ፣ ቧንቧው የመታኝ ቦታ ላይ አደረጉት።

ወረቀት አመጣሁላቸው። ቀኑን ጻፉ፣ ለማን እንደሆነ ጻፉ፣ ከዚያ ብዕሩ ቆመ። አባቴ በዚያ ሁሉ ዘመን ብዕራቸው ሲቆም አላየሁም። መነጽራቸውን ወለወሉ። እጮኛዬን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ምክንያቱ ባዶ ሆነ እኮ፣ ልጄ። ምን ልበል?»

«ሊጋቡ ይፈልጋሉ ይበሉ፣ አባባ» አልኳቸው።

ጻፉት። ከሥሩ ሌላ ነገር ይጨምሩ እንደሆነ ብዕራቸውን ይዘው ትንሽ ጠበቁ፣ ከዚያ ፈረሙበት። እኔ ያንን ፊርማ አይቼ ተኛሁ፣ ማንም አልቀሰቀሰኝም።